ጥያቄህ ምንድን ነው?

የማስተርስ ዲፌንሴ ዕለት ከቤት የወጣነው እንደ ሠርገኛ ነው። እናቴ በሐበሻ ቀሚስ፣ እኔ በውሰት ሱፍ፣ ታናሼ የፈታኞቹን ውሃና ኩኪስ ተሸክሞ። ስላይዴ 46 ነው፤ የተሰጠኝ ጊዜ 20 ደቂቃ።

«የጥናቱ ዳራ» ብዬ ከዓለም ጀመርኩ። አፍሪካን አቋርጬ፣ ኢትዮጵያ ገብቼ፣ ያጠናሁት የቁጠባና ብድር ማኅበር ደጃፍ ስደርስ ዘጠኝ ደቂቃ ነጉዷል። ቀጥሎ የናሙናው ቀመር፤ አባላቱ 800፣ የስህተት ህዳጉ 0.05፦

n = N / (1 + N·e²) = 800 / 3 ≈ 267

ከዚያ መላሾቹ በጾታ፣ በዕድሜ፣ በጋብቻ ሁኔታ፣ በባለቀለም ፓይ ቻርት። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን ሲያንኳኩ ገና የተፋቱት ላይ ነበርኩ። ግኝቱ ስላይድ 38 ላይ ተኝቷል።

የውጭ ፈታኙ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ጥያቄህ ምንድን ነው?»

«ስላይድ 11 ላይ…»

«በአፍህ ንገረኝ።»

ዝም። ከኋላ እናቴ አላስቻላትም፤ «ሰው ብድሩን ለምን እንደሚያዘገይ ነዋ! ሁለት ዓመት ሙሉ ያደነቆረን በዚሁ አይደል?»

ሰብሳቢው ገሠጿት። ፈታኙ ግን ጻፉት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም እንደገና እንዳቀርብ ተወሰነ።

በሁለተኛው ዙር የእናቴን ዓረፍተ ነገር ስላይድ 2 ላይ ብቻውን አስቀመጥኩት። ዘዴው ላይ ቀመሩን በአንድ መስመር አልፌ፣ ያዘገዩትንም በቀኑ የከፈሉትንም ለምን እንደጠየቅኩ አስረዳሁ። ያዘገዩትን ብቻ ብጠይቅ ሁሉም «ኑሮ ተወደደ» ይሉኛል፤ በቀኑ የከፈለውም እኮ የሚኖረው እዚሁ ኑሮ ውስጥ ነው። «ሠንጠረዥ 4.7» የሚለውን ርዕስ ሰርዤ ግኝቱን ራሱን ርዕስ አደረግኩት፦ «የብድሩ መክፈያ ቀን ከቤት ኪራዩ ቀን ጋር የገጠመበት ሰው ያዘገያል»። አስተዋፅኦው ላይ ድሮ «ለፖሊሲ አውጪዎችና ለቀጣይ ተመራማሪዎች ይጠቅማል» ብዬ ነበር፤ ስለ ዶሮ መኖ ባጠናም ያው ነው። አሁን «ማኅበሩ በወለዱ ያመካኝ ነበር፤ እኔ ያገኘሁት ግን የመክፈያ ቀኑን ነው» አልኩ።

የውጭ ፈታኙ ቀና አሉ። «ተከራይ ድሮም ገንዘብ ያጥረው የለ? ቀኑ መሆኑን በምን አወቅህ?»

ጥያቄው ሲገባቸው ጥያቄያቸውም እንዲህ ይከብዳል። ደግነቱ ተከራዮችን ብቻ ለይቼ፣ ቀኑ የገጠመባቸውን ካልገጠመባቸው ያነጻጸርኩበት ሠንጠረዥ ከ«አመሰግናለሁ» ስላይድ ኋላ ተቀምጧል። ልዩነቱ እዚያም አለ። ምክንያቱ ቀኑ ብቻ ነው ብዬ ግን አልማልኩም፤ ያየሁት አንድ ማኅበር፣ የጠየቅኩትም አንዴ ነው።

ፈታኙ ኩኪስ አነሱ። እናቴ ተነፈሰች።

ያኔ እስካሁን ዝም ያሉት የውስጥ ፈታኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የመላሾቹን የጋብቻ ሁኔታ አላየሁም።»

ፓይ ቻርቱም እዚያው ከ«አመሰግናለሁ» ኋላ፣ ከነቀለሙ እየጠበቃቸው ነበር።