እንግዳን ከወንበዴ የማይለይ ምክር

«ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ፋይሉ አዲስ ስለሆነ ብቻ ነው። Keep በሉትና እለፉ። እምቢ ካለም በፍላሽ ውሰዱት፤ በፍላሽ ሲሄድ ምንም አይልም።»

ይህን ያለው የኮምፒውተር አሠልጣኝ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ ስሙን በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት አዳራሽ፣ በሂሳብ ሠራተኞች ፊት ነው የተናገረው። የጠየቁት አጠገቤ የተቀመጡ ወይዘሮ ነበሩ። ያወረዱትን ፋይል ብራውዘሩ ስለተጠራጠረባቸው ነው። መልሱን በማስታወሻቸው ጻፉና ከሥሩ አሰመሩበት። እኔ ያመመኝ ያ መስመር ነው።

ክሮምም ሆነ ኤጅ ስለ አንድ ፋይል የሚሰጡት ማስጠንቀቂያ አንድ ዓይነት አይደለም። «ብዙ ጊዜ የሚወርድ ፋይል አይደለም» ሲል አላውቀውም ማለቱ ነው። «አደገኛ ነው» ሲል ደግሞ አውቀዋለሁ፣ ክፉ ነው ማለቱ ነው፤ ፋይሉ ወይም የመጣበት ድረ ገጽ ከተመዘገቡት ክፉዎች ጋር ገጥሟል። በሩን ያንኳኳ እንግዳና ፎቶው በፖሊስ ጣቢያ የተለጠፈ ወንበዴ እኩል «ይግቡ» አይባሉም። አሠልጣኙ ግን ሁለቱንም በአንድ Keep አስገባቸው። ለሁለተኛው ዓይነት መልሱ አጭር ነው፦ ይሰረዛል። ክርክሩ ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው።

«አዲስ ስለሆነ ብቻ» ያላት ነገር እውነትነት አላት፤ የሚያናድደውም ይህ ነው። ብራውዘሩ ፋይሉን ከፍቶ መርምሮ አይደለም የሚፈርደው። ክሮም በመደበኛ ጥበቃው እንደ exe ያለ የፕሮግራም ፋይል ሲያጋጥመው ሙሉውን ፋይል ለጎግል አይልክም። የሚልከው ከየት እንደወረደ፣ መጠኑን፣ ዲጂታል ፊርማ ካለው ፊርማውን፣ እና ሃሽ የሚባለውን፣ ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ አሻራ ነው። በዚያ አሻራ ብዙ ሰው በሰላም ያወረደው ነገር ከሆነ ያልፋል። ማንም የማያውቀው ከሆነ ያስጠነቅቃል። ዝና ነው የሚለካው።

ይህ ዝና እንዴት እንደሚጠፋ የማውቀው ከአንድ ፕሮግራም ሠሪ ጓደኛዬ ነው። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጆቹ የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ሠርቶ ለጥቂት ነጋዴዎች ይሰጣል። ሰኞ ዕለት «ጳጉሜን» በሚለው ቃል ላይ የነበረ የአንድ ፊደል ስሕተት አርሞ ፕሮግራሙን እንደገና አወጣው። አንድ ፊደል ሲቀየር አሻራው ከሥሩ ይቀየራል። በወራት የተሰበሰበችው ጥቂት ዝና በአንድ ፊደል ዜሮ ገባችና ማክሰኞ ደንበኞቹ «ፕሮግራምህ ቫይረስ አለበት» እያሉ ደወሉ። ፕሮግራሙን በዲጂታል ፊርማ ቢያወጣው ኖሮ ዝናው በፊርማው ላይ ይከማች ስለነበር ከእትም ወደ እትም ይተላለፍለት ነበር። የፊርማው ምስክር ወረቀት ግን በዓመት በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል፤ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2023 ወዲህ ደግሞ የሚፈረምበት ቁልፍ ልዩ በሆነ የደኅንነት መሣሪያ ውስጥ እንዲቀመጥ ግድ ሆኗል። ዶላሩን ከየት ያምጣው? ስለዚህ በአማርኛ ለጥቂት ሰው የሚሠራ ሐቀኛ ፕሮግራም ዕድሜውን ሙሉ እንግዳ ሆኖ ይኖራል። ማስጠንቀቂያው በእኛ ላይ ያደላል፤ ይህን አምናለሁ። ከዚህ በላይ ለአሠልጣኙ የምለቅለት ነገር የለም።

ምክንያቱም አዲስ የሚሆነው የጓደኛዬ ፕሮግራም ብቻ አይደለም። ሌባውም አሻራ መቀየር ያውቃል። ትናንት ተይዞ «አደገኛ» የተባለውን ፋይል ዛሬ ጥቂት ነገር ቀይሮ ሲያወጣው በማንም መዝገብ ላይ የለም። ስለዚህ «አደገኛ» አይባልም፤ «ብዙ ጊዜ የሚወርድ አይደለም» ይባላል እንጂ። አዲስነትን የንጽሕና ማስረጃ ማድረግ ታርጋ የሌለውን መኪና «አዲስ ቢሆን ነው» ብሎ ማሳለፍ ነው።

የፍላሹ ነገር ደግሞ ይባስ ያሳፍራል። ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ላይ ዊንዶውስ የማይታይ ምልክት ይለጥፋል። ምልክቱ ሲነበብ እንዲህ ይላል፦

```
[ZoneTransfer]
ZoneId=3
```

3 ማለት «ከኢንተርኔት የመጣ» ነው። ፋይሉን ስትከፍቱት ዊንዶውስ ዳግም የሚያስቆማችሁ ይህን አይቶ ነው። ምልክቱ የሚኖረው ግን እንደ ኤንቲኤፍኤስ ባለ የዲስክ አሠራር ላይ ነው፤ አብዛኞቹ ፍላሾች ደግሞ በፋት32 ወይም በኤክስፋት የተዘጋጁ ናቸው። ፋይሉ ወደ ፍላሹ ሲገለበጥ ምልክቱ ይረግፋል። ፋይሉ ያው ነው፤ የጠፋው ከየት እንደመጣ የሚናገረው ወረቀት ነው። አሠልጣኙ ጸጥታውን ሰምቶ ንጹሕ ነው አለ። መርማሪውን አሰናብቶ ወንጀል የለም ማለት ይህ ነው።

ሥልጠናው ሲያበቃ ወይዘሮዋን «ፋይሉን ያሳዩኝ» አልኳቸው። Tax_Table.pdf ይላል፤ የፒዲኤፍ ሥዕልም አለው። በመጀመሪያ የዊንዶውስ አቃፊ ላይ View ውስጥ ገብተን File name extensions የሚለውን አበራን፤ ዊንዶውስ ራሱ ካልተነገረው በስተቀር የስሙን ጭራ ይደብቃል። ስሙ Tax_Table.pdf.exe ሆኖ ወጣ። ለመነበብ የተላከ ሠንጠረዥ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም የሚሆንበት ምክንያት የለም። እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር።

እሳቸው ግን እርግጠኛ መሆን ፈለጉ። chrome://downloads ላይ የወረደበትን አድራሻ አየን፦ የማንኛውም ሰው ፋይል የሚቀመጥበት ነጻ ማከማቻ ነው እንጂ የገቢዎች ድረ ገጽ አይደለም። ፋይሉን በቀኝ አዝራር ተጭነን Properties ስንል Digital Signatures የሚለው ገጽ ጭራሽ የለም፤ አልተፈረመም። ፊርማ ቢኖረውም ማን እንዳወጣው እንጂ ንጹሕ መሆኑን አይነግረንም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲክሊነር 5.33 የተባለ የኮምፒውተር ማጽጃ ፕሮግራም በትክክለኛው የኩባንያው ፊርማ ተፈርሞ፣ ከኩባንያው ድረ ገጽ፣ ክፉ ኮድ ተሸክሞ ወርዷል። በመጨረሻ አሻራውን አወጣን፦

```
certutil -hashfile Tax_Table.pdf.exe SHA256
```

አሻራውን ብዙ ፀረ ቫይረሶችን በአንድ ጊዜ በሚያስፈትሸው ቫይረስቶታል ላይ ፈለግነው። ፋይሉን ራሱን አልጫንነውም፤ እዚያ የተጫነ ፋይል ሌሎች እጅ ሊገባ ስለሚችል የመሥሪያ ቤት ሰነድ አይሰጥም። መልሱ «አልተገኘም» ነው። ወይዘሮዋ ደስ አላቸው፤ «እንግዲያው ምንም የለበትም ማለት ነው?» አሉኝ። ማንም አላየውም ማለት ነው አልኳቸው፤ ብራውዘሩም ያላቸው ይህንኑ ነበር።

የጓደኛዬ ፕሮግራም በዚሁ መንገድ ቢፈተሽ እሱም ፊርማ የለውም፣ ቫይረስቶታልም አያውቀውም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ደንበኛው ፕሮግራሙን ራሱ ፈልጎት ነው የመጣው፤ ፕሮግራም ነኝ እንጂ ሠንጠረዥ ነኝ አይልም፤ ሠሪው ስልክ ያነሳና አሻራውን ፊደል በፊደል ያነብለታል። ከራሱ ከማውረጃው ገጽ ላይ የተገለበጠ አሻራ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ፋይሉን የቀየረ ሰው አሻራውንም ይቀይራል። እንዲህ የተጣራውን Keep በሉት፤ Keep ማስቀመጥ እንጂ መክፈት አይደለም።

ወይዘሮዋ ፋይሉን ሰረዙት። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው ፈላለጉና ዝም አሉ። ምን ጠፋብዎ ስላቸው ፍላሻቸው ነው። ፋይሉን በምክሩ መሠረት ጠዋቱኑ ገልብጠውበት ነበር፤ ከዚያ አሠልጣኙ ተውሷቸው የሥልጠናውን ጽሑፍ ለየጠረጴዛው ሲያዳርስበት ውሏል።