ሲግናሉ ሙሉ፣ ኢንተርኔቱ ባዶ

ባለፈው ሁለት ጓደኛሞች ስለ ዋይፋይ ሲጨቃጨቁ መሃል ገባሁ። የአንደኛው ቤት ጂ ፕላስ ዋን ነው። ራውተሩ ታች ሳሎን ነው፣ እሱ የሚሠራው ላይ መኝታ ቤት። ኤክስቴንደር ገዝቶ አልጋው አጠገብ ሰክቷል።

«ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ግን ስብሰባ ላይ ፊቴ ደርቆ ይቀራል። ሳሎን ስለካው 90 ሜጋቢት፣ ላይ 11!»

«ነግሬህ ነበር፣ ጣቢያዎቹ ተባብረው እንደ አንድ ዋይፋይ የሚሠሩትን ሜሽ ግዛና ተገላገል» አለው ሌላኛው።

«ምን ለየው? ሁለቱም ከራውተሩ ተቀብለው የሚያስተላልፉ አይደሉም?»

«የአንተው ጉዱ እዚያ ላይ ነው። ባለ አንድ ሬዲዮ ስለሆነ በአንድ ቻናል እየሰማ መናገር አይችልም። ከራውተሩ ሲቀበል ስልክህ ይጠብቃል፣ ለስልክህ ሲልክ ራውተሩ ይጠብቃል። እያንዳንዱ ዳታ አየር ላይ ሁለቴ ይሄዳል ማለት ነው። ግማሹ በዚያው ያልቃል።»

«የ90 ግማሽ 45 ነዋ! 11 ከየት መጣ?»

እዚህ ላይ ዝም አለ፣ እኔም ገባሁበት። ስልኩ ላይ የሚታየው ሲግናል በስልኩና በኤክስቴንደሩ መካከል ያለውን ነው። ኤክስቴንደሩ ራሱ ከራውተሩ ምን ያህል እንደሚያገኝ አያሳይም። አልጋው አጠገብ የሚደርሰው በኮንክሪቱ ወለል አልፎ የደከመ ሲግናል ነው፤ 20 ምናምን ሜጋቢት ብቻ ቢይዝ፣ ግማሹ ያው 11 አይደል? ኤክስቴንደሩን ነቅሎ ደረጃው ጫፍ ላይ፣ ሳሎኑ ቁልጭ ብሎ በሚታይበት ቦታ ሰካው። አልጋው ላይ ሆኖ ሲለካ 38 ሆነ። አንድ ሳንቲም ሳያወጣ።

«ቢሆንም ሜሽ ይሻላል» አለ ያ ግትር።

ይሻል ይሆናል፣ ግን የትኛው ሜሽ? ሁለት ባንድ ብቻ ያለው ሜሽ ያለ ኬብል ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ የአየር ሰዓት ስለሚካፈል ፍጥነቱ እንደዚያው ይወርዳል። ይህን የሚያቃልለው ባለ ሦስት ባንድ ነው፣ አንዱን ሬዲዮ ለእርስ በርስ ንግግር ብቻ ስለሚተወው። በእርግጥ ባለ ሁለት ባንድ ኤክስቴንደርም በ5 ጊጋኸርዝ ተቀብሎ በ2.4 ቢያስተላልፍ ግማሽ ከመሆን ይድናል፤ ግን 5 ጊጋኸርዝ ወለል ሲያልፍ ቶሎ ይደክማል።

የእኔን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ፣ ለአንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ደረጃው ላይ ያለው ኤክስቴንደር ይበቃዋል። ስልክ እያወራ ከታች ወደ ላይ የሚመላለስ ከሆነ ሜሹ ያዋጣዋል፣ ምክንያቱም ጣቢያዎቹ ተነጋግረው ስልኩን ስለሚቀባበሉት፤ ኤክስቴንደር ላይ ግን ስልኩ የታችኛውን ደካማ ሲግናል ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። ኬብል ወደ ላይ ማውጣት ከተቻለ ግን ሁለቱንም ትቼ ላይ አንድ አክሰስ ፖይንት እሰካለሁ፤ ከራውተሩ የሚቀበለው በኬብሉ ስለሆነ ዳታው አየር ላይ ሁለቴ አይሄድም።

አሁን ሰውየው የዲሽ ገመዱ የገባበት ቱቦ አንድ ኬብል ይጨምር እንደሆን እያየ ነው።