ዙፋኑ የወሰደው ሥልጣንና ሳይነካ የቆየው ሥርዓት

«ሄንሪ 8ኛ ሚስቱን ለመፍታት ሲል አዲስ ሃይማኖት አቋቋመ።»

የዚህ አባባል ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ከሚስቱ ከካትሪን ጋር የነበረው ጋብቻ ከመጀመሪያውም ሕጋዊ እንዳልነበረ እንዲወሰንለት ሮምን ጠይቋል፤ ፓፓ ክሌመንት 7ኛ ግን በ1527 ሮምን የዘረፈው ጦር ጌታ የሆነውንና የካትሪን የእህት ልጅ የሆነውን ቻርልስ 5ኛን ለማስቀየም አልደፈረም። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ የሆነው ነገር ግን ሃይማኖት ከማቋቋም ይልቅ ርስት ከመንጠቅ ጋር ይቀራረባል። ቤቱ እንዳለ ቆመ፤ የተቀየረው ባለቤቱ ነው።

በ1533 ፓርላማው ከእንግሊዝ ወደ ሮም ይግባኝ ማለትን ከለከለ፤ በዚያው ዓመት የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ክራንመር የንጉሡን ጋብቻ አፈረሰ። በ1534 የወጣው ሕግ ደግሞ ንጉሡን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ራስ አለው። የሕጉ አጻጻፍ ብልጠት ያለበት ነው፤ ፓርላማው ሥልጣኑን ለንጉሡ «ሰጠሁ» አላለም፣ ቀድሞውንም የእሱ መሆኑን አረጋገጥሁ አለ እንጂ። ፓርላማ የሰጠውን ፓርላማ ሊነሣ ይችላልና።

የርክክቡን ባሕርይ በግልጽ የሚያሳየው የጳጳሳት ሹመት ነው። ቀድሞ ንጉሡ የሚፈልገውን ሰው ይጠቁማል፣ የካቴድራሉ ካህናት ይመርጣሉ፣ ፓፓው በደብዳቤ ያጸድቃል። ክራንመር ራሱ በ1533 የተሾመው በፓፓው ደብዳቤ ነበር፤ ሮምን ሊሰናበት የተዘጋጀው ሰው በሮም ማኅተም መግባቱ የታሪክ ምፀት ነው። ከ1534 በኋላ የተወገደው የሮም ፊርማ ብቻ ነው። ንጉሡ ለካህናቱ የመምረጥ ፈቃድ ይልካል፣ ከፈቃዱ ጋር ግን የሚመረጠውን ሰው ስም የያዘ ሌላ ደብዳቤ አለ። በ12 ቀን ውስጥ ካልመረጡ ንጉሡ በራሱ ይሾማል፤ እምቢ ያሉት ደግሞ ንብረታቸውን እስከማጣትና እስከመታሰር ይደርሳሉ። ምርጫው በስሙም በጸሎቱም እንዳለ ቀጠለ፣ ዕጩው ግን አንድ ብቻ ነው።

ገንዘቡም እንዲሁ ነበር። አዲስ ጳጳስ የመጀመሪያ ዓመት ገቢውን ለሮም መክፈሉ ለዓመታት ያስነሣው የነበረው ምሬት ንጉሡን ጠቅሞታል። የሮም መንገድ ሲዘጋ ግን ክፍያው አልቀረም፤ በ1534 በወጣ ሕግ ወደ ንጉሡ ግምጃ ቤት ዞረ። በዚያ ላይ የደብር ቄስ ሳይቀር እንዲከፍል ተደረገና የየዓመቱ ገቢ አንድ አሥረኛ ተጨመረበት። ከሮም ቀንበር ወጣን ያሉት ካህናት ሒሳቡን ሲያዩ ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም።

የገዳማቱ ዕጣ ግን የተለየ ነበር። ከ1536 እስከ 1540 ባሉት ዓመታት 800 ያህል ገዳማትና መሰል ተቋማት ተዘጉ፣ መሬታቸውም ለዙፋኑ ሆነ። በሄንሪ ዘመን ከሥሩ የተነቀለ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ተራው ምእመን ለውጡን በዓይኑ ያየውም በደብሩ ቅዳሴ ሳይሆን ጣሪያው በተገፈፈው ገዳም ነበር።

ቅዳሴው በላቲን ቀጠለ። በ1539 ፓርላማው ስድስት አንቀጾችን አወጣ፦ ኅብስቱና ወይኑ በእውነት የክርስቶስ ሥጋና ደም መሆኑ፣ ምእመናን ኅብስቱን ብቻ መቀበላቸው፣ ካህናት አለማግባታቸው፣ ለካህን መናዘዝ፣ እነዚህና ቀሪዎቹ በሕግ ጸኑ። በምስጢር አግብቶ የነበረው ክራንመር ሚስቱን ወደ ጀርመን ለመላክ ተገደደ።

ሐምሌ 30 ቀን 1540 በለንደን ስሚዝፊልድ አደባባይ የሆነው ነገር የዚህን አገዛዝ መልክ ያሳያል። ስድስት ካህናት በፈረስ በሚጎተት የእንጨት ርብራብ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንድ የፓፓው ደጋፊ ከአንድ የተሐድሶ ሰባኪ ጋር ታስረው መጡ። ሦስቱ የንጉሡን የበላይነት በመካዳቸው እንደ ከሃዲ ተሰቀሉ፤ ሦስቱ በመናፍቅነት ተቃጠሉ። የሚፈለገው ሮምን የማያውቅ፣ እምነቱን ግን ያልቀየረ ሰው ነበር።

እምነቱ በእርግጥ የተለወጠው በልጆቹ ዘመን ነው። በኤድዋርድ ጊዜ ጸሎቱ እንግሊዝኛ ሆነ፤ ሜሪ ወደ ሮም መለሰችው፤ በ1559 ኤልሳቤጥ «ራስ» የሚለውን ማዕረግ ትታ «የበላይ ገዥ» ተብላ ሥልጣኑን መልሳ ያዘች። ከዚህ ሁሉ ናዳ በኋላ ግን ጳጳሳቱ፣ አህጉረ ስብከቱ፣ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶችና ገበሬው ለደብሩ የሚከፍለው አሥራት በቦታቸው ነበሩ። የድሮው የቀኖና ሕግ እንኳ እንዲሻሻል ቢታሰብም አዲሱ ረቂቅ በፓርላማ ሳይጸድቅ ቀረና ዳኞቹ በአሮጌው መፍረዳቸውን ቀጠሉ።

የመጀመሪያ ዓመት ገቢው ክፍያ ንግሥት አን በ1704 ለድሆች ካህናት መደጎሚያ እስክትተወው ድረስ ወደ ዙፋኑ ይገባ ነበር። የካቴድራል ካህናት ደግሞ ዛሬም ጳጳስ ሲሾም ከዙፋኑ በተላከላቸው ደብዳቤ የተጻፈውን አንድ ስም ይመርጣሉ።