ለደብረ ማርቆስ የዓይን ሚዛኖች የቀረበ ምስጋና

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሚዛን መግዛት ብር መጣል ነው። ከመናኸሪያው እስከ ቤታችን በር ድረስ ብቻ ቢያንስ አራት ሚዛን ቆሞ ይጠብቃል፤ ባትሪ አይል፣ ጫማ አውልቁ አይል። ገና ሰላምታው ሳያልቅ "ወፈርሽሳ!" ይላል። በዓመቱ ደግሞ "ምነው እንዲህ ከሳሽ፣ አመመሽ እንዴ?" ይላል። የቅኔ አገር ነንና አንዱ ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። ሰሙ "ተመችቶሻል"፣ ወርቁ "ሆድሽን ቻይ" ነው።

እኔ ዛሬ ላመሰግናቸው ነው የተነሳሁት። በተለይ በአክስቴ ልጅ ላይ ለሠሩት ሥራ።

ልጅቷ 28 ዓመቷ ነው፣ ቁመቷ 160 ሳንቲ ሜትር። ሠርጓ ለጥር ሲቆረጥ 78 ኪሎ ነበረች። ሚዛኖቻችን ወዲያው ተሰብስበው፣ ማለቴ ቡና ላይ ተገናኝተው፣ "በዚህ ሰውነት ቬሎ?" አሉ። እሷም ከጥቅምት መጨረሻ ጀምራ አሥር ሳምንት ራሷን ቀጣች። ጠዋት ሻይ ያለ ስኳር፣ ቀን ግማሽ እንጀራ በሽሮ፣ ማታ ሰላጣ። የገና ጾም መሃል ላይ ስለገባ ማንም "ምነው አትበዪም?" አላላትም። በቀን ከ800 ካሎሪ ብዙም አይዘልም ነበር።

አሁን ሚዛኖቹ ያላዩትን ሂሳብ ልሥራ። (በዓይን ለሚመዝን ሰው ሂሳብ ምን ያደርግለታል፣ ግን እንዲያው ለእኔ ለደካማው።) ሰው ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ቢውል እንኳ ልቡ፣ ጉበቱ፣ አንጎሉ ለመኖር ብቻ የሚያቃጥሉት ኃይል አለ። በፈረንጆቹ 1990 የወጣ ቀመር እንዲህ ይገምተዋል፦ ኪሎን በ10 አባዛ፣ ቁመትን በሳንቲ ሜትር በ6.25 አባዝተህ ደምር፣ ዕድሜን በ5 አባዝተህ ቀንስ፣ ለሴት 161 ቀንስ። ለእሷ 1,479 ካሎሪ ይመጣል። መሄዷን፣ ምግብ መሥራቷን፣ ቢሮ መዋሏን ስንጨምር ወደ 2,070 ይጠጋል። 800 ገባ፣ 2,070 ወጣ። አሥር ሳምንት እንዲህ ከሆነ 11 ኪሎ መውረዱ አይገርምም፤ ወረደም። 67 ገባች።

ሚዛኖቹ ምን አሉ መሰላችሁ? "ፀሐይ መሰልሽ!" አሉ። በዚያው ሳምንት ሌላዋ ሚዛን "ቡዳ በላት መሰለኝ" አለች። ልጅቷ እኩለ ቀን ላይ ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጥ ነበራ። ደብረ ማርቆስ ብርድ ነው፣ ግን ጎረቤቷ በሸሚዝ ነው የሚዞረው። ለሁለት ወር የወር አበባዋም ቀርቷል። ይህን ለሚዛኖቹ አልነገረችም፤ ብትነግራቸው ኖሮ መርምረው ጸበል ያዙላት ነበር።

ነገሩ ግን ቡዳ አልነበረም። ስብ ዝም ብሎ የተከመረ ጮማ አይደለም፤ ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይልካል። ሌፕቲኑን የሚያነበው ሃይፖታላመስ ነው፤ አንጎል ሥር የተቀመጠ፣ የለውዝ ፍሬ የምታህል ነገር። መልእክቱ "ጎተራው ሙሉ ነው" ነው። ምግብ በጣም ሲቀነስ ታዲያ ሌፕቲን የስቡን መቅለጥ አይጠብቅም፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። ጎተራው ገና ግማሽ እንኳ ሳይጎድል ዘበኛው "ረሃብ ገባ!" ብሎ ይጮኻል ማለት ነው። ሃይፖታላመስ ሠርግ አያውቅም፣ ቬሎ አያውቅም። የሚያውቀው ክፉ ቀንን ነው። ስለዚህ ወጪ ይቆርጣል። የታይሮይድ ሆርሞንን ያወርዳል፤ ብርዱና ድካሙ ከዚያ ይመጣል። መውለድንም ለደጉ ቀን ያቆየዋል፤ የወር አበባው የቀረው ለዚህ ነው።

ጨጓራ ደግሞ በበኩሏ ግሬሊን ትልካለች፣ የረሃብ ደብዳቤ በሉት። ከምግብ በፊት ይወጣል፣ ከተበላ በኋላ ይወርዳል፣ ሰዓትም ይለምዳል። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የለመዱ እናቶቻችን ሆድ ልክ ዘጠኝ ሊሆን ሲል የሚያጉረመርመው አንድም በዚህ ነው። ኪሎ ሲወርድ ግን የግሬሊን መጠን በጥቅሉ ከፍ ይላል። ልጅቷ ሌሊት የዳቦ ሽታ ይቀሰቅሰኛል ስትለኝ ዳቦ ቤቱ ሦስት ሰፈር ይርቅ ነበር።

ሠርጉ አማረ። ከዚያ ልጅቷ ወደ ድሮ ገበታዋ ተመለሰች። ወደ ድሮው እንጂ ከድሮው በላይ አላልኩም። ቀመሩን በ67 ኪሎ ብንደግመው 1,369 ይመጣል፤ ትንሽ ሰውነት ትንሽ ይበላልና። ከእንቅስቃሴዋ ጋር 1,900 ገደማ። ሰውነቷ ክፉ ቀን መጣ ብሎ ከቀመሩ በታች ሌላ 100 ያህል ቆጥቧል ብንል 1,800 ይቀራል። የድሮዋ 2,070 ካሎሪ አሁን በየቀኑ 270 ትርፍ አለው። አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ስለሆነ በወር አንድ ኪሎ፣ ያውም አንዲት ጉርሻ ሳትጨምር።

ዋናው ጉድ ግን ቁጠባው አይደለም። በፈረንጆቹ 2016 የታተመ ግምት እንደሚለው ለእያንዳንዱ የወረደ ኪሎ የሰውነት ወጪ በቀን ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ሲቀንስ፣ የመብላት ፍላጎት በ100 ካሎሪ ገደማ ይጨምራል። የእሷ 11 ኪሎ በየቀኑ 1,100 ካሎሪ ተጨማሪ ምግብ የሚጠይቅ ድምፅ ሆኗል ማለት ነው። ጠዋትም፣ ቡና ላይም፣ ተኝታም። ደግሞ ቶሎ ዝም አይልም። በአውስትራሊያ ሰዎችን ልክ እንደ እሷ አሥር ሳምንት በጣም ትንሽ መግበው፣ የቀለለ ሰውነታቸውን ከዓመት በኋላ ሲመረምሩት ግሬሊናቸው አሁንም ከፍ ያለ፣ ሌፕቲናቸው ዝቅ ያለ፣ ረሃባቸውም ከመጀመሪያው የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። የዚህ ጥናት ውጤት የወጣው በፈረንጆቹ 2011 ነው። ሚዛኖቻችን እስካሁን አልደረሳቸውም፤ መንገዱ ይሆናል።

"ታዲያ ሲወፍርስ ለምን ያው ዘበኛ 'በቃ' አይልም?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። ይላል፣ ግን በሹክሹክታ ነው። ስብ የበዛበት ሰው ሌፕቲኑ ብዙ ነው፤ ሃይፖታላመስ ግን ብዙውን ጊዜ ለብዛቱ ጆሮ አይሰጥም። ሲጎድል የሚጮኸውን ያህል ሲተርፍ አይጮኽም። ሌፕቲንን በመርፌ መስጠት ተዓምር የሠራው በተፈጥሮ ሌፕቲን ለሌላቸው በጣት ለሚቆጠሩ ሰዎች እንጂ ለተለመደው ውፍረት አይደለም።

በሐምሌ 75 ኪሎ ሆነች። ሚዛኖቹ ክርስትና ቤት ተቀምጠው አዩዋት። ጋሼ፣ የሰፈሩ ትልቁ ሚዛን፣ ጠላቸውን አስቀምጠው ፍርዱን ሰጡ፦ "ሆዷን መግዛት አቃታት። ልጅ ድሮ ቀረ!"

ጋሼን አደንቃቸዋለሁ። እስከ አንድ ሺህ አንድ መቶ ካሎሪ በየቀኑ ጆሮዋ ሥር ሲጮኽ ስድስት ወር ሙሉ ከስምንት ኪሎ በላይ ያልጨመረችን ልጅ በአንድ እይታ "ሆዳም" ማለት ቀላል ችሎታ አይደለም። እኔ ብሆን ስንት ወረቀት አጠፋ ነበር።

ባለቤታቸው እታለም ግን ከእሳቸውም ይበልጣሉ። "አንቺዬ፣ እንዴት ነው የወፈርሽው!" እያሉ ከዶሮው አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ወደ አፏ ሰደዱ። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ "ጠግቤያለሁ" ስትል እታለም ከፋቸው።

"በሞቴ! አንድማ ያጣላል!"

ሁለተኛው ሲደርስ ጋሼ በዓይናቸው እየመዘኑ ነበር።