ሶይ ዴ ደሴ

አንድ ገጽ ተኩል! ደሴ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት እየተሰበሰብን ስፓኒሽ የምንለማመድ ጥቂት ሰዎች አለን። ባለፈው ሳምንት አንድ የሒሳብ መምህር፣ ሰይድ እንበለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ ራሱን የሚያስተዋውቅበትን አንድ ገጽ ተኩል ጽሑፍ ሸምድዶ መጣ። ብድግ አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከተወለደበት ቀበሌ ተነስቶ በተማረባቸው ትምህርት ቤቶች በኩል አድርጎ እስከ ዛሬው ሥራው ድረስ አወረደው። ቡናዬ በረደ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሁለተኛውን ስኒ ጨርሰው ሦስተኛውን አዘዙ።

“ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ” የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ግን የተነገረው ለሽምግልና ነው። ሁለት ሰዎች በድንበር ተጣልተው ዋርካ ሥር ሲቀመጡ ሽማግሌው የጠቡን መነሻ ይጠይቃል፤ ያኔ ነገሩ ከሥሩ ይምጣ። “ስምህ ማን ነው?” የተባለ ሰው ምን ሥር አለው? እኛ ግን ማንኛውንም ጥያቄ የድንበር ክርክር እናደርገዋለን። ኮምቦልቻ ላይ ለአንድ ቀን ሥልጠና ተጠርተን ነበር። አወያዩ “እስቲ በአጭሩ ራሳችንን እናስተዋውቅ” አለ። በአጭሩ! የመጀመሪያው ሰው ለዚህ ላበቁት ሁሉ ምስጋና አቀረበ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ምስጋና እንደሚጋራ ገልጾ የራሱን ጨመረበት። ሦስተኛው የሥራ ልምዱን ከነዓመተ ምሕረቱ ዘረዘረ። እኔ ዘንድ ማይክሮፎኑ ሲደርስ የሻይ ሰዓት ስለነበረ ስሜን እንኳ ሳልናገር ተነሣን፤ ከሰዓት በኋላ “ያላስተዋወቃችሁ ካላችሁ” ያለ ማንም የለም። እስከ ዛሬ የዚያ ሥልጠና ሰዎች እኔን “ያ ከበሩ አጠገብ የነበረው” ነው የሚሉኝ። ይህን ቂም የምተወው አይመስለኝም።

ወደ ሰይድ ልመለስ። ጭብጨባው ሲያበቃ ጉዱ መጣ። ከመሃላችን በልጅነታቸው ኩባ፣ ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ በምትባለው ደሴት የተማሩ አንድ ጋሼ አሉ። እርሳቸው ፈገግ ብለው “ዴ ኬ ኤኪፖ ኤሬስ?” ብለው ጠየቁት። ሰይድ ገና ከመናገሩ እግር ኳስ እንደሚወድ ነግሮን ነበርና የየትኛው ቡድን ደጋፊ እንደሆነ መጠየቃቸው ነው። ሰይድ ከጥያቄው የሰማው “ዴ” እና “ኤሬስ” የሚሉትን ብቻ ነው። የለመደው “ዴ ዶንዴ ኤሬስ?”፣ ማለትም ከየት ነህ የሚለውን ነውና ደረቱን ነፍቶ “ሶይ ዴ ደሴ!”፣ የደሴ ነኝ፣ አለ። ጋሼ ለከተማችን ቡድን ያለውን ታማኝነት አድንቀው ጨበጡት። ሌሎቻችን ሳቃችንን በስኒ ሸፈንን።

ይህን ያመጣው የቃላት እጥረት አይደለም፤ ሰውየው አንድ ገጽ ተኩል ቃላት አለው። ለመናገር እንጂ ለመስማት አልተዘጋጀም። ስለዚህ ጽሑፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን ያ ዓረፍተ ነገር የሚያስከትለውን ጥያቄ ጻፍን። ጥያቄውን ሰምቶ የማያውቀው፣ መልሱንም በአንድ ትንፋሽ የማይሰጠው ከሆነ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ይሰረዛል። በዚህ ሕግ የትምህርት ቤቶቹ ታሪክ በሙሉ ሄደ። ስለ ሥልጣኔና ስለ ቋንቋ ጥቅም የጻፈው ክፍል ምንም ጥያቄ አላስከተለም፤ እርሱም ሄደ።

ዕድሜው ላይ ስንደርስ ደግሞ “ሶይ ትሬይንታ ኢ ኩዋትሮ አኖስ” ይላል። ስፔኖች ዕድሜን “አለኝ” ነው የሚሉት፤ “ሶይ” ወጥቶ “ቴንጎ” መግባት አለበት። ከዚያ የባሰው “አኖስ” ነው። በጽሑፋቸው “ነ” ፊደል ላይ የምትጋደም ትንሽ ምልክት አለች፤ ሰይድ ሳያያት አልፏል። እኛ ለዚያች ድምፅ “ኞ” የሚል ሙሉ ፊደል እያለን “አኞስ” ማለት ትተን “አኖስ” ስንል ዓመታችንን ሳይሆን በጨዋ ጉባኤ ላይ የማይጠራ፣ ከመቀመጫችን በኩል ያለ አካላችንን መቁጠር ጀመርን ማለት ነው። ሠላሳ አራት! ጋሼ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት “ዕድሜህን ማን ጠየቀህ?” ብለው መስመሩን በእስክሪብቶ አጠፉት።

የሚያስገርመኝ ሌላው ነገር የ“ዮ” ብዛት ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር “ዮ፣ ዮ፣ ዮ” እያለ ይጀምራል፤ “እኔ፣ እኔ፣ እኔ” ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን እንዴት ያደርጋል? እኛ “ደሴ እኖራለሁ” ስንል “እኔ” ግሱ ውስጥ ተቀምጣለች። “ቢቦ” የሚለው የስፓኒሽ ግስም እንደዚያው “እኖራለሁ” ነው፤ “ዮ” አያስፈልገውም። “ሜ ጉስታ ላ ሙሲካ”ም ቢሆን “ሙዚቃ ደስ ይለኛል” እንደምንለው ነው፤ ደስ የሚለው ነገር ባለቤት፣ እኛ ተቀባይ። ሰይድ ይህን አስተማሪ ሳያስፈልገው ማወቅ ሲገባው በመጻሕፍት ላይ ያየውን እንግሊዝኛ ተከትሎ ሄደ። ይህ ያናድደኛል። አንድ የወሎ ሰው አምባሰልና ባቲ የተባሉ ቅኝቶች ከሰፈሩ ስም የተወሰዱ ሆነው ሳለ በባዕድ ዜማ ማንጎራጎሩ ምን ይባላል?

ከብዙ ስረዛ በኋላ የቀረው ይህ ነው፦

“ኦላ፣ ሶይ ሰይድ። ሶይ ዴ ኤቲዮፒያ፣ ቢቦ ኤን ደሴ። ሶይ ፕሮፌሶር ዴ ማቴማቲካስ። ሜ ጉስታ ኤል ፉትቦል። ኤስቱዲዮ ኤስፓኞል ዴስዴ አሴ ትሬስ ሜሴስ። ማስ ዴስፓሲዮ፣ ፖር ፋቦር። ኢ ቱ?”

ሦስት ወር መማሩን የሚነግረው መስመር የተቀመጠው ለጉራ አይደለም፤ የሚሰማው ሰው ፍጥነቱን እንዲቀንስ ያደርጋል። ካልቀነሰ ቀጥሎ ያለው “ቀስ ይበሉልኝ” የሚለው ልመና አለ። “ፕሮፌሶር” ፊት “አንድ” እንደማለት ያለው “ኡን” አልገባም፤ ሙያ ብቻውን ሲነገር አያስፈልገውም። የመጨረሻዋ “ኢ ቱ?” ተራውን ለሌላው ታስተላልፋለች፤ ያኔ ሰይድ ቁጭ ብሎ ቡናውን ይጠጣል። “ቱ” ግን “አንተ” ስለሆነች ጋሼን ሲያናግር “ኢ ኡስቴድ?” እንዲል ተስማማን፤ ኩባ ኖረውም ቢሆን አንተ መባልን በቀላሉ የሚያልፉ ሰው አይደሉም። አስቸጋሪው እርሳቸው እንደ ኩባውያን በቃላት መጨረሻ ላይ ያለችውን “ስ” መዋጣቸው ነው። ሰይድ ከስልኩ የተማረውን “ኤሬስ” ከእርሳቸው አፍ “ኤሬ” ብሎ ይሰማዋል። ስለዚህ በጥያቄዎቹ ጎን ሁለቱንም አነጋገር ጻፍን።

ቀሪው የሰይድ ነው። አጥንቶ ሊመጣ ተስማምቶ ሄደ፤ ትናንት ግን መንገድ ላይ አግኝቼው ወረቀቱን ሲያሳየኝ ከታች “ቴንጎ ኡና ፋሚሊያ ግራንዴ” የሚል፣ ትልቅ ቤተሰብ አለኝ የሚል መስመር ጨምሮበታል። “ጥያቄውንስ?” አልኩት። ከጎኑ በጥሩ እጅ ጽሑፍ “ኩዋንቶስ ኤርማኖስ ቲኤኔስ?” ብሎ አስቀምጧል፤ ስንት ወንድምና እህት አለህ ማለት ነው። የመልሱ ቦታ ባዶ ነው። የአባቱን ልጆች፣ የእናቱን ልጆች፣ ቤት ያደጉትን የአክስቱን ልጆች እየደመረና እየቀነሰ አንድ ሌሊት ሙሉ እንዳሰበበት ነገረኝ። የሒሳብ መምህር ነው።