ፕሪንተሬን ደንቆሮ ያደረገብኝ ዊንዶውስ

እናንተዬ ሶስት ቀን ሙሉ ስንጨረጨር ከርሜ ነው ይሄን የምጽፈው። ሀዋሳ ውስጥ ትንሽ የፎቶኮፒና ፕሪንት ቤት አለችኝ፣ ያለኝም አንድ ጥቁርና ነጭ ሌዘር ፕሪንተር ነው፣ አሮጌ ነው ግን ቶነሩን ካስሞላሁለት ቀኑን ሙሉ ሲያትም ቢውል አይሰለቸውም። ጣጣው የመጣው ከኮምፒውተሩ ነው። ቀርፋፋ ሆነብኝ ብዬ ለአንድ የሰፈር ልጅ ሰጠሁት፣ ራሙን 8 ጊጋ አደረገና "ጋሼ የርስዎ ዊንዶውስ 32 ቢት ነው፣ ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምም፣ 64ቱን ልጫንልዎት" አለኝ። ልክ ነው፣ በዚህ አልከሰውም። ዊንዶውስ 7 ወጣ፣ ዊንዶውስ 10 ገባ፣ ኮምፒውተሩ ጥይት ሆነ። ስለ ፕሪንተሩ ግን እሱም አላሰበ እኔም አልጠየቅኩ።

ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ኬብሉን ስሰካ ኮምፒውተሩ ድምፅ ያሰማል፣ የሆነ ነገር እንደተሰካማ አውቋል፣ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም፣ ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት አድርጎበት ቁጭ። ከፕሪንተሩ ጋር የመጣውን ሲዲ ከመሳቢያ ቆፍሬ አወጣሁ። ኢንስታለሩ ይከፈታል፣ ኔክስት ኔክስት ይላል፣ መጨረሻ ላይ አይሆንም ብሎ ይዘጋል። ለካ ኢንስታለሩ መከፈቱ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፣ ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ድራይቨር ራሱ የተሰራው ለ32 ቢት ከሆነ 64 ቢት ዊንዶውስ አይቀበለውም፣ አለቀ።

ኢንተርኔት ስገባ ደግሞ ሌላ ገበያ ነው። "ዳውንሎድ" የሚል ትልቅ አረንጓዴ በተን ያለበት ሁሉ ድራይቨር አይደለም ወገን! ዳታዬን በልቶ ያወረድኩት ነገር "47 ችግር አግኝቻለሁ፣ ለማስተካከል ይክፈሉ" የሚል ሆኖ ተገኘ። አጥፍቼው ወደ አምራቹ ድረ ገጽ ሄድኩ፣ የኔ ሞዴል ለዊንዶውስ 10 የሚባል ነገር የለውም፣ እዛው ላይ አዲስ ግዛ ነው ነገሩ። በምን ብሬ?

አንድ ወዳጄ "ከዊንዶውሱ ሊስት ውስጥ የሚመሳሰለውን PCL የሚል ምረጥ፣ ሁሉም ያው ነው" አለኝ። ያው አይደለም! አንድ ገጽ ብልክ ወረቀቱ ራስጌ ላይ ሁለት መስመር የጉድ ምልክት አትሞ ይተፋዋል፣ ከዛ ሌላ፣ ከዛ ሌላ፣ ስጮህ ስሮጥ ወረቀቱ አለቀ። በኋላ ነው የገባኝ፣ ርካሽ ሌዘሮች ብዙዎቹ PCL የሚባለውን ቋንቋ አይችሉም፣ ገጹን የሚያዘጋጅላቸው ኮምፒውተሩ ነው፣ ስለዚህ የራሳቸው ድራይቨር ካልሆነ የሚላክላቸው ነገር አይገባቸውም። ካንስል ብለውም አይቆምም፣ ፕሪንተሩን አጥፍቼ ስመልሰው ካቆመበት ይቀጥላል። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚን ከፍቼ በዚህ ነው የገላገልኩት፣ ወረፋ የያዘውን ህትመት ሁሉ ስለሚያጠፋ ግን አስባችሁበት፦

```
net stop spooler
del /Q C:\Windows\System32\spool\PRINTERS\*.*
net start spooler
```

መፍትሄው የት ነበር መሰላችሁ? እዛው አምራቹ ድረ ገጽ ላይ! የዊንዶውስ 10 የለም እንጂ የ64 ቢት ቪስታ ድራይቨር አለ፣ ሞዴሉ ያው የኔ። ሴትአፑን ስከፍተው "ይሄ ዊንዶውስ አይደገፍም" ብሎ መለሰኝ፣ እኔም ተውኩትና ፋይሉን ፈትቼ ውስጡ ያለውን መጨረሻው .inf የሆነውን ፋይል በኖትፓድ አየሁት። NTamd64 የሚል ቃል አለበት፣ ስሩም የፕሪንተሬ ስም ተጽፏል፣ ማለት 64 ቢቱን ይሸከማል ማለት ነው። ቃሉ ውስጥ amd የሚለው አያስደንግጣችሁ፣ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ቢሆንም ያው ነው። ከዛ ፕሪንተር በማንዋል ጨምር ብዬ Have Disk የሚለውን ነክቼ ያንን ፋይል አሳየሁት፣ ሳያንገራግር ገባ።

እልል ልል ስል አያትምም! ህትመቱ ወረፋ ላይ ተገትሮ ኤረር ይላል። ግማሽ ቀን ድራይቨሩን ስጠረጥር ዋልኩ፣ አጥፍቼ ጫንኩ፣ ደግሜ አጠፋሁ። ጉዳዩ ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ በማንዋል ስጨምር ፖርት ምረጥ ሲለኝ ሳላይ ኔክስት ብያለሁ፣ እሱ ደግሞ LPT1 ላይ አስቀምጦታል፣ የድሮው ወፍራም ኬብል የሚገባበት! የኔ ኮምፒውተር እንኳን ኬብሉ ቀዳዳውም የለው። ፕሮፐርቲስ ገብቼ Ports ላይ USB001 አደረግኩት፣ ወዲያው ፕሪንተሩ ጉርርር ብሎ ተነሳ።

ፋይሉን ፍላሽ ላይም ኢሜይሌ ላይም አስቀምጫለሁ፣ አምራቹ ነገ ከገጹ ቢያነሳው ማን ያውቃል። የመጀመሪያዋ ገጽ እንደወጣች ሪሰርቿን ልታሳትም ቆማ የምትጠብቅ የካምፓስ ተማሪ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና "ጋሼ፣ ከለር የለም እንዴ?"