አምስት ቀን እፎይታ ሰጥተው ስምንት ቀን ቀጡኝ

አሁን ገና በሬን መዝጋቴ ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ።

አከራዬን ታውቋቸዋላችሁ። ስንት ጊዜ አውርቼላችኋለሁ። የውሃ ሞተር ማሠሪያ ያሉት ብር፣ ሚስማር መታሽ ብለው ያስከፈሉኝ ብር፣ እንግዳ በዛ ብለው የተቆጡኝ ቁጣ። ያንን ሁሉ ችዬዋለሁ። ዛሬ ግን ደብተር ይዘው መጡ።

ውሃ የመጣበት ቀን ስለነበር ኮሪደሩ በጀሪካን ተሞልቷል። ጎረቤቱ በሙሉ ውጭ ነው። «አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ» አሉኝ ከደረጃው ላይ ሆነው። ሄድኩ። ደብተሩን ገለጡና ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፣ ልክ የዕድር ጸሐፊ ያልከፈለ ሰው ስም እንደሚጠራው።

«የኅዳር ኪራይ 1,600 ብር ይቀርሻል። በዚያ ላይ የአራት ቀን ቅጣት 800። በድምሩ 2,400።»

«ጋሼ፣ ከፍያለሁ እኮ። በ3 ዘጠኝ ሺህ፣ በ8 ሦስት ሺህ። አሥራ ሁለት ሺው ሞልቷል።»

«ከሦስቱ ሺህ ላይ የስምንት ቀን ቅጣት አነሳሁ። የተረፈው ነው ለኪራይ የገባው።»

«የምን ስምንት ቀን? እስከ 5 ጊዜ አለኝ አይደል እንዴ?»

«አምስቱ ቀን የኔ በጎነት ነው። በጊዜው ብትከፍዪ ኖሮ ያንቺ ነበር። ካሳለፍሽው በጎነቱም አብሮ አለፈ፤ ከ1 ጀምሮ ይቆጠራል።»

«ወረቀቱ እንደዚያ አይልም፣ ጋሼ።»

«በሰው ቤት እየኖርሽ ሒሳብ ልታስተምሪኝ ነው? ካቃተሽ አቅምሽን የሚመጥን ቤት ፈልጊ።»

ይህን ያሉት ጀሪካን የያዘችው የጎረቤቴ ልጅ ፊት ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ነኝ የማስጠናት። አንገቷን ደፍታ ገባች። እኔም ገባሁ። በዚህ በቱሉ ዲምቱ ንፋስ ፊቴ ግን እሳት ሆኖ ነበር።

አዎ፣ ዘግይቻለሁ። አልክድም። መሥሪያ ቤታችን በዚህ ወር ደሞዝ አዘግይቷል። እጄ ላይ የነበረውን ዘጠኝ ሺህ ቀኑ ሳይደርስ በ3 አስገባሁ። ደሞዝ በ7 ማታ ገባ። ወዲያው ቀሪውን ለመላክ ሞከርኩ፤ ሲስተም የለም። እስከ እኩለ ሌሊት ሞከርኩ። በ8 ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ገባላቸው። ጥፋቴ በሙሉ ይኸው ነው።

አሁን ወረቀቱን ዘርግቼ ቁጭ ብያለሁ። ወረዳ የተመዘገበው ውል ላይ ስለ ቅጣት አንድም ቃል የለም። ቅጣቱ ያለው ደላላው በእጁ ጽፎ ባስፈረመን የጎን ወረቀት ላይ ነው። የዚያን ቀን ዕቃዬ አይሱዙ ላይ ተጭኖ በር ላይ ቆሟል፣ ሾፌሩ ይጮሃል፣ እኔም ፈረምኩ። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ተከራይ ወር በገባ እስከ 5ኛው ቀን ድረስ ኪራይ ይከፍላል። ከዚህ ቀን ካሳለፈ ለእያንዳንዱ ላለፈ ቀን 200 ብር ይቀጣል።»

እስቲ አብረን እናንብበው። ኪራይ በ1 ይከፈላል አይልም። እስከ 5 ይላል። ስለዚህ በ4 ወይም በ5 የከፈለ ሰው አልዘገየም፤ በቀኑ ነው የከፈለው። «ከዚህ ቀን ካሳለፈ» ሲል ደግሞ ከ5 በኋላ ማለት ነው። ቆጠራው የሚጀምረው በ6 ነው። ከ1 ጀምሮ እንዲቆጠር ቢፈልጉ ኖሮ «ኪራይ በ1 ይከፈላል፤ እስከ 5 ካልተከፈለ ግን ከ1 ጀምሮ ይታሰባል» ብለው መጻፍ ነበረባቸው። እንደዚያ የሚጽፉ አሉ። ከመፈረማችሁ በፊት ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ፈልጉ፤ የእፎይታው ቀን በኋላ ተመልሶ ይበላ አይበላ የሚታወቀው እሷ ላይ ነው። የኔ ወረቀት ላይ የለችም።

«ላለፈ ቀን» የምትለዋም ቃል ቀላል አይደለችም። 6 አለፈ፣ 7 አለፈ። 8 ግን ገና ሳያልፍ በጠዋቱ ከፍያለሁ። ስለዚህ ሁለት ቀን ነው፤ 400 ብር። እሺ፣ የከፈልኩበትንም ቀን ይቁጠሩት፣ ሦስት ቀን ይሁን፤ 600 ብር። 1,600 የሚባል ቁጥር ከዚህ ወረቀት ውስጥ በምንም መንገድ አይወጣም።

እኔን ይበልጥ ያበገነኝ ደግሞ ሌላው ነው። በ6ኛው ቀን የቀረብኝ ዕዳ ሦስት ሺህ ብቻ ነው። ዘጠኙ ሺህ ኪሳቸው ገብቷል። ቅጣቱ ግን አንድም ብር እንዳልከፈለ ሰው 200 ነው። አንድ መቶ ብር ብቻ ቀርቶብኝ ቢሆንም በቀን 200 ነበር። ቅጣቱ በቀረው ዕዳ ልክ ቢሰላ ኖሮ የዕዳዬ ሩብ ስለሆነ በቀን 50 ብር ነው፤ ለሁለት ቀን 100 ብር።

ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው የአክስቴ ልጅ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ ተቆጣኝ፣ «ለምን ሳታነቢ ፈረምሽ?» ብሎ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ሕጉ እንዲህ ያለውን ቅጣት «ገደብ» ይለዋል። ውሎች መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ የምናያት የፍትሐ ብሔር ቁጥር 1889 ስለ እሱ ናት። ገደብ ከተፈረመ አከራዩ ጉዳት ባይደርስበትም ሊጠይቀው ይችላል። ስለዚህ «ምን ጎዳሁዎት?» የሚለው ክርክሬ ብቻውን አያድነኝም። ግን ውሉ በከፊል ተፈጽሞ ከሆነ ዳኛ ገደቡን ሊቀንሰው ይችላል። የኔ ዘጠኝ ሺህ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ደግሞም ሕጉ ራሱ ለዘገየ ገንዘብ ያስቀመጠው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው አለኝ። አሰላሁት። በሦስት ሺህ ብር ላይ በቀን አንድ ብር አይሞላም! በጎን ወረቀቱ ግን በቀን ሁለት መቶ ብር።

ይገባኛል፤ ጋሼም የኮንዶሚኒየሙን ዕዳ በየወሩ ለባንክ ይከፍላሉ። ኪራይ ሲዘገይባቸው ከኪሳቸው ይሸፍኑ ይሆናል፤ ለታክሲም ያወጣሉ። ያንን የሚክስ ቅጣት ቢጠይቁኝ አንገቴን ደፍቼ እከፍላለሁ። ለአንድ ጊዜ መዘግየት አንድ ጊዜ የሚከፈል፣ ለምሳሌ ከወር ኪራዩ አምስት በመቶ፣ 600 ብር በሉት፤ ሰው ይቀጣበታል፣ ግን ይተነፍሳል። ይኼኛው ጣሪያ የለውም። 200 ብር በቀን፣ ዓመት ቢቆጠር 73 ሺህ ብር ነው። የስድስት ወር ኪራይ ያልፋል። ይህ የመዘግየት ካሳ አይደለም፣ ሁለተኛ ኪራይ ነው።

የደብተሩን ነገር ግን ገና በደንብ አልነገርኳችሁም። 1,600ውን «ቅጣት አለብሽ» ብለው ለብቻው ቢጽፉት አንድ ነገር ነው፤ እንጨቃጨቅበት ነበር። እሳቸው ግን ከላክሁት ሦስት ሺህ ላይ መጀመሪያ ቅጣቱን ወሰዱ። 1,400ዋን ብቻ ለኪራይ አስገቡ። ስለዚህ በእሳቸው ደብተር ኪራዩ አልሞላም፤ 1,600 ጎደለ። ጎደለ ማለት ደግሞ ዘግይቷል ማለት ነው፣ 200 በየቀኑ መሮጡን ቀጠለ። ከ9 እስከ 12 አራት ቀን፣ 800 ብር። ቅጣቱ ራሱ ቅጣት ወለደ! ዝም ብል እስከ 30 ድረስ 6,000 ብር ይሆናል፤ የወሩ ኪራይ ግማሽ። ኪራዬን በ8 ጨርሼ ከፍዬ ማለት ነው ይህ። በታኅሣሥ ሙሉ 12 ሺህ ብልክም መጀመሪያ 6,000ውን አንስተው ታኅሣሥን ጎዶሎ ያደርጉታል። እንዲህ ከሆነ መቼም አይዘጋም።

አራተኛ ፎቅ ያለችውን ልጅ ያስለቀቋት በዚሁ መንገድ ነበር፤ አሁን ነው የገባኝ። የነሐሴ ቀሪ ኪራይ ነበረባት። ጳጉሜን አምስቱንም ቀን ቀጧት። ጳጉሜን ላይ ኪራይ አይጠየቅም፣ ቅጣት ግን ተጠየቀ። በመስቀል ሰሞን ፍራሿን ባጃጅ ላይ ጭና ስትሄድ አይቻታለሁ። እኔ ያኔ «ሳትከፍል ቀርታ ነው» ብዬ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል ማለቱ ዛሬ ነው የጠቀመኝ። ሁለቱም ደረሰኞች ስልኬ ላይ አሉ፤ ቀናቸውም ሰዓታቸውም። የመጀመሪያው ላይ ምክንያት ከሚለው ቦታ «የኅዳር ኪራይ» ብዬ ጽፌያለሁ። ሁለተኛው ላይ ግን እስከ እኩለ ሌሊት ሲስተም ሲያንገላታኝ አምሽቶ፣ በጠዋት ገባ ሲለኝ ባዶውን ላክሁት። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ብዙ ዕዳ ያለበት ሰው የሚከፍለው ለየትኛው እንደሆነ ሲከፍል መናገር አለበት አለኝ፤ ካልተናገረ ተቀባዩ ለፈለገው ዕዳ ሊያደርገው ይችላል። ያቺን ባዶ ቦታ ነው ጋሼ በቅጣት የሞሏት።

ለ2,400 ብር ፍርድ ቤት ልሂድ? ከዚህ ካሊቲ ድረስ፣ ከሥራ ቀርቼ፣ ስንት ቀጠሮ ተመላልሼ? ደክሞኛል። ቤት መፈለግም ደክሞኛል፤ የደላላ፣ የአይሱዙ፣ የሁለት ወር ቅድሚያ። ይህን ስለሚያውቁ ነው እንዲህ የሚጽፉት።

ግን ዝም አልልም። አሁን 400 ብር እልካለሁ። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «የኅዳር 6 እና 7 ቅጣት፣ የኅዳር ኪራይ በ8 ተጠናቋል» ብዬ እጽፋለሁ። ያንኑ በቴክስት እልክላቸዋለሁ፣ የሁለቱን ደረሰኝ ቁጥር ጨምሬ። የታኅሣሥንም በስሙ ጽፌ እልካለሁ። ከዚያ በኋላ ወረዳ እንሂድ ካሉኝ እሄዳለሁ፤ ደብተራቸውን ይዘው ይምጡ።

ስልኬ እየጠራ ነው። እሳቸው ናቸው። አላነሳውም፤ የሚሉትን በጽሑፍ ይላኩልኝ።